የ20 ደቂቃ ጊዜ ልጠይቅዎት ነበር (ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የ2017 ተመራቂ)

ሰላም ኢንጂነር ዳዊት፣ እንደምን አሉ? እንኳን አደረሰዎት።

አያውቁኝም። ሰላማዊት እባላለሁ። እርስዎ በተማሩበት ዲፓርትመንት፣ በውኃ አቅርቦትና አካባቢ ምህንድስና፣ ባለፈው ሐምሌ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እርስዎን ያገኘሁዎት በተመራቂዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። አንድ ልጅ ሜምብሬን ቶሎ ቶሎ ስለሚደፈንበት ምክንያት ጠይቆ በትዕግስት ያብራሩለትን አነበብኩ፤ ከዚያ ወደ ላይ እየሄድኩ የድሮ መልሶችዎንም አነበብኩና የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ብዙ ዓመት እንደሠሩ ገባኝ።

የምለምንዎት 20 ደቂቃ ነው፤ በስልክም በአካልም ይሁን፣ ለእርስዎ እንደሚመች። ሥራ አስገቡኝ ለማለት አይደለም፣ ሲቪዬንም ያላያያዝኩት ለዚህ ነው። ሥራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ከሠራ ሰው መስማት ፈልጌ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጥቁር ውሃን ወንዝ ውኃ በአሉሚኒየም ሰልፌት ማጥራት ላይ ነበር። ክረምት ላይ የቀዳነው ውኃ ጭቃ ነው። ላብ ውስጥ ስድስት ብርጭቆ ደርድረን በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ጨምረን ማማሰያውን መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ አዞርነው። አራተኛው ብርጭቆ ውስጥ ጭቃው አሬራ እሳት ላይ ወደ አይብ ሲለወጥ እንደሚያደርገው መያያዝ ጀመረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደና ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ቀረ። መድኃኒቱ የበዛበት ስድስተኛው ብርጭቆ ግን መልሶ ደፍርሶ ነበር። ያንን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ሐይቁ ደግሞ በወንዝ የሚወጣበት መውጫ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ የምንበላው ከዚሁ ውኃ ነው። ስለዚህ ፍሳሽ ማጣራት ለእኔ ከትምህርትነቱ በላይ ነው።

አሁን የቸገረኝን ልንገርዎት። አዳማ ያለው አጎቴ አንድ የመንገድ ኮንትራክተር አናግሮልኝ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ እንድጀምር ተነግሮኛል፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ቤተሰቤም ደስ ብሏቸዋል፣ እናቴ እንዲያውም ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምራለች። እኔ ግን አንዴ ወደ መንገድ ሥራ ከገባሁ ወደ ውኃ መመለስ ይከብደኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ፍርሃቴ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ የለም። ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ቦታም አልረዳኝም፤ ጊዜው ያለቀው ቢሮ ውስጥ ፋይል ሳደራጅ ነው፣ ማጣሪያውን ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ካገኘሁዎት የምጠይቅዎት ይህንን ነው። አዲስ ተመራቂ ማጣሪያ ጣቢያ ሲገባ ከላብ ነው የሚጀምረው ወይስ ከኦፕሬተሮች ጋር በሽፍት? ሌሊት ፓምፕ ሲቆም ወይም ከፋብሪካ ያልተጠበቀ ቀለም ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው? እንደ እኛ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተብሎ በተሠራ ሲስተም ውስጥ ውኃው ተመልሶ ጥቅም ላይ ሲውል የሚቀረው ጨው የት ይደርሳል? ይሄኛውን ክፍል ውስጥ ጠይቄ ነበር፣ መልሱ ግን አላጠገበኝም። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ሠርታ የመጣች ልጅ ብታመለክት እርስዎ ይቀበሏት ነበር ወይ? እውነቱን ቢነግሩኝ አልከፋም፤ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው።

እኔ ያለሁት ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም በማንኛውም የሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ እርስዎ ያሉበት ድረስ እመጣለሁ፤ ቡናው በእኔ ነው። በስልክ ከሆነም የሚመችዎትን ሰዓት ብቻ ይጻፉልኝ፣ እኔ እደውላለሁ። ጊዜ ካጡ ደግሞ የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ በድምፅ መልእክት ቢመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ካልተመቸዎትም ምንም አይደለም፣ እረዳለሁ። ግሩፑ ላይ ለልጆቹ የሚጽፉትን ግን እባክዎ አያቁሙ፤ ዝም ብለን የምናነብ ብዙ ነን።

አክባሪዎ፣
ሰላማዊት