የጋኑ አፍ

ጥር 8 ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ የወይዘሮ ስመኝ ማድቤት በወይራ ጭስ ታፍኗል። ትልቁ ጋን በሦስት ጉልቻ ላይ አፉን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ገል ላይ የተደረገው ፍም የወይራውን ስንጥር ቀስ እያለ ይበላዋል። ነበልባል አይፈለግም። ወይራው ከነደደ ጥላሸት ጋኑ ላይ ይቀራል፣ ጠላውም ይመራል፤ መጤስ ብቻ ነው ያለበት። የሺ በርከክ ብላ እሳቱ ብልጭ ባለ ቁጥር በጣቷ ውሃ ትነሰንስበታለች።

ድፍድፉ ጥግ ላይ ባለው መካከለኛ ጋን ውስጥ ሆኖ ቡክ ቡክ ይላል። እዚህ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ታኅሣሥ 30 ቀን 3 ኪሎ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ተጠነሰሰ። ጥር 3 ቀን 5 ኪሎ ብቅልና ጠቆር ተደርጎ የተጋገረ ቂጣ ገባበት። ጥር 5 ቀን 20 ኪሎ የዳጉሳና የገብስ እንኩሮ ተጨመረ። እንኩሮው ከምጣድ ከወረደ በኋላ ሌሊቱን ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ነው ያደረው። ትኩሱን የከተተ ሰው ጥንስሱን ገደለው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢጠብቁት አይፈላም፣ እንዳለ ይኮመጥጣል። ወይዘሮ ስመኝ ይህን ለየሺ ያስረዷት በቃል አልነበረም። እጇን ይዘው እንኩሮው መሐል ከተቱትና «ቀዝቅዟል?» አሏት፤ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ገና ለብ ያለ ነበር።

ዛሬ የቀረው ድፍድፉን ወደ ትልቁ ጋን ገልብጦ መበረዝና አፉን በጭቃ መምረግ ነው። ትልቁ ጋን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይይዛል። የሚካኤል ማኅበር ተራው ዘንድሮ የዚህ ቤት ነው፤ ጥር 12 ቀን፣ ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ተመልሶ ከገባ በኋላ፣ 24 ማኅበርተኛ እዚህ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል።

«ሥላሴን ሳልሳለም እንዳልቀር ብዬ እንጂ ትናንትናውኑ መጥቼ አግዛችሁ ነበር» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ወንፊታቸውን በብብታቸው ይዘው ሲገቡ። ጎረቤት ናቸው፣ ማኅበርተኛም ናቸው። እጃቸው ለሥራ የፈጠነ ነው፤ ያዩትን ግን ሳይናገሩ አያድሩም። «ደብረ ብርሃን ደግሞ ሰዉ! እግር ማሳረፊያ እንኳ አልነበረም። እንዴት ነው፣ ደረሰ?»

«ደርሷል። ጋኑ ይታጠናል፣ ከዚያ መገልበጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ስመኝ።

የስመኝ ጠላ በአራዳ የታወቀ ነው። ሰው የሚያደንቀው ጠላቸውን ብቻ ሳይሆን አፍንጫቸውንም ነው። የመጣላቸውን ቅቤ ከነቅጠሉ ከደጅ መልሰው የላኩበት ጊዜ አለ፤ ሳይፈቱት። ጌሾ ሲገዙ እፍኝ ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው ያሸትቱና የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና ብለው ይለያሉ። የሺ ከደብረ ታቦር ለልጃቸው ተድራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማቷ ዕቃ ላይ ጎንበስ ሲሉ ማየት ከዚህ ቤት ነገር ሁሉ በላይ ይገርማት ነበር። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አገጫቸውን የዕቃው ከንፈር ላይ ያሳርፋሉ። አንዴ ብቻ ነው የሚስቡት።

አሁንም እንደዚያ አደረጉ። ሁለቱ ሴቶች ጋኑን በጨርቅ ይዘው ከጉልቻው አንስተው አቆሙት። ወይዘሮ ስመኝ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አገጫቸውን ጋኑ አፍ ላይ አሳረፉ።

«ጽድት ብሏል» አሉ ቀና ብለው። «አምጡ።»

የሺ ጋኑን ለማስተካከል ጎንበስ ስትል ሽታው መታት።

ላምባ ነው። ከወይራው ጭስ በታች፣ ከሸክላው ልብ የሚወጣ። እንዳልተሳሳተች ለማረጋገጥ ትንፋሿን ይዛ ዞር አለችና እንደገና ሳበች። ላምባ። ወዲያው ደግሞ ከየት እንደመጣ ገባት። ኅዳር ላይ መብራት ሲጠፋ ባሏ ፋኖሱን ጓዳ ውስጥ ነበር የሚሞላው፤ ይህ ጋን ደግሞ ባዶውን ተከድኖ እዚያው ቆሞ ስለነበር ክዳኑን እንደ ጠረጴዛ ይጠቀምበት ነበር። የፈሰሰው በክዳኑ ጠርዝ ገብቶ በውስጡ ወርዷል። ሸክላ ዘይት ነክ ነገር ከጠጣ አይለቅም። ትናንት በግራዋ ሁለት ጊዜ ፈትገው ሲያጥቡት ቀዝቃዛ ስለነበር የግራዋው ምሬት ሸፍኖት ነበር፤ አሁን ግን ሙቀቱ አወጣው። ድፍድፉ ከተገለበጠበት ጠላው በአራት ቀን ውስጥ እየሳበ ይጨርሰዋል። የዘጠኝ ቀን ልፋት፣ 28 ኪሎ እህልና ጌሾ፣ 24 ማኅበርተኛ።

ይህ ሁሉ ግን የቆመላት አንድ አፍታ ነው። ከዚያ በኋላ ያየችው አማቷን ነው።

ገና ሰሞን ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ከስሎ ማድቤቱ ሲጨስ፣ ወይዘሮ ስመኝ አጠገቡ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ያሉት ጭሱ ዓይናቸውን ሲቆጠቁጣቸው ነው። ባለፈው ወር ደግሞ የሻገተ በርበሬ ከፍተው «ደህና ነው» ብለው መልሰው ከድነውታል። የሺ ድካም ነው ብላ አልፋው ነበር።

ወይዘሮ ብርቄ ቅሉን አንስተው ወደ ድፍድፉ ሄዱ። «እንግዲህ በስመ ሥላሴ በሉና ልቅዳ።»

የሺ አፏን ከፈተች። ላምባ ይሸታል ብትል ወይዘሮ ብርቄ ወዲያው ጎንበስ ብለው ያሸትታሉ። አሽትተውም ስመኝ አሁን በዓይናቸው ፊት አሽትተው ጽድት ብሏል እንዳሉ ያስታውሳሉ። እስከ ከተራ ድረስ ያልሰማ ሰው አይኖርም።

«እትዬ ብርቄ፣ ይቆዩ» አለች። «ጋኑ ያፈሳል።»

«ምን?»

«ያፈሳል። ታች፣ በወገቡ በኩል። ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋት ጎድሎ ነበር።»

ውሸት ነው። ማታ ውሃውን እስከ አንገቱ ሞልተው፣ የደረሰበትን በከሰል ያሰመሩት ወይዘሮ ስመኝ ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ፋኖስ ይዘው አብረው አይተውታል፤ ውሃው ከመስመሩ ጣት አልወረደም። ጋኑ ከወለቃ ተገዝቶ ሲመጣ በኑግ ያሟሹትም እሳቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

ወይዘሮ ስመኝ የሺን አዩዋት። ጋኑን አላዩትም። ዓይናቸው ከፊቷ ወደ አፍንጫዋ ወረደ፤ የሺ የአፍንጫዋ ክንፍ አሁንም እንደተወጠረ አላወቀችም ነበር። አማቷ እጃቸውን ዘርግተው የጋኑን ወገብ በጣታቸው አንጓ መቱት። እንደ ደወል ጠራ። የተሰነጠቀ ሸክላ እንደዚያ አይጠራም፤ ደንቆሮ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ወይዘሮ ብርቄም ቢሆኑ ይህን የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«እውነቷን ነው» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። «ያፈሳል። እኔ ነኝ የዘነጋሁት።»

«ምነው፣ ድምፁ ደህና አይደል እንዴ?»

«የፀጉር ያህል ናት፤ በድምፅ አትለይም። ብርቄ እኅቴ፣ ያንቺ ጋን ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው እንጂ። ለገና የጠመቅሁበት ነው፣ አጥቤ ደፍቼዋለሁ።» ቅሉን አስቀመጡ። «ልጁን ጠርቼ አሸክሜው ልምጣ። እናንተ ወይራውን አታጥፉት።»

እርምጃቸው ከግቢው በር እስኪወጣ ድረስ ማንም አልተናገረም። ወይዘሮ ስመኝ ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ላምባ ነው፣ እማዬ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭሱ እንዳይበዛ ከእሳቱ ሁለት ስንጥር አወጡና አመዱ ውስጥ ቀበሩ፤ ወይራው እፍኝ ብቻ ስለቀረ ለሚመጣው ጋን መቆጠብ ነበረበት።

«ነሐሴ ላይ ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ቡናው ጠፋኝ። ይመለሳል ብዬ ዝም አልሁ። አሁን እጣን እንኳ አላውቀውም፤ ጭሱን አይቼ ነው ቤቱ ታጠነ የምለው።»

«ለልጅዎ እንኳ አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ?»

የሺ መልስ አልነበራትም። ከዱካው ፊት መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ስመኝ ትንሽ ቆይተው ተነሡና የድፍድፉን ጋን ክዳን ገለጡ። በቅሉ ጫፍ ጨለፍ አድርገው አፏ ድረስ አመጡላት።

«ይኸንንስ? ኮምጥጦብኝ ይሆን? ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው። በዓይኔ ደህና ነው፤ አረፋው ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ ሻጋታ የለም። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

የሺ ዓይኗን ጨፈነች። አገጯን ቅሉ ከንፈር ላይ አሳርፋ አንዴ ብቻ ሳበች።

«ጌሾው ቀድሞ ይመጣል» አለች። «ከእሱ በኋላ የቂጣው። የተቃጠለ አይደለም፣ ልክ ከምጣድ ሲወጣ ያለው። ሆምጣጤ የለውም። ኋላ ላይ ደግሞ… እንደ ሙዝ ያለ ነገር አለው።»

«እንደ ሙዝ?»

«የበሰለ ሙዝ።»

ወይዘሮ ስመኝ ፊታቸው ተፈታ። «እሱ ነው» አሉ። «እሱ ከመጣ ደርሷል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ስም አልነበረኝም። ሙዝ ነው ለካ።» ቅሉን መልሰው ጋኑ ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የወይዘሮ ብርቄ ልጅ ጋኑን በጀርባው አዝሎ ገባ። አወረዱት፣ በግራዋ አሻሹት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቁት፣ ጉልቻው ላይ ደፉት። የቀረችው እፍኝ ወይራ ለግማሽ ሰዓት በቃች። ጭሱ ሲሳሳ ሦስቱም አንስተው አቆሙት፤ ወይዘሮ ብርቄ ቅላቸውን ይዘው ጠበቁ።

ወይዘሮ ስመኝ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አገጫቸውን ጋኑ አፍ ላይ አሳረፉ። የሺ ጋኑ እንዳይንከባለል የምትይዝ መስላ ከጎናቸው ጎንበስ አለች፤ ራሶቻቸው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ጭስ፣ ግራዋ፣ እርጥብ ሸክላ፣ ከሩቅ የገና ጠላ። ሌላ ምንም የለም። በነጠላው ሥር የአማቷን ክርን ጫን አደረገች።

ወይዘሮ ስመኝ ቀና አሉ።

«ጽድት ብሏል» አሉ። «አምጡ።»