ስምንት ወር የሠራ ድርጅት

1/8
አዲስ አበባ ላይ ለምግብ ቤቶች አትክልት የሚያቀርብ ድርጅት መሥርቼ ነበር። ጥቅምት 2016 ላይ ዘጋሁት።
ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ።

2/8
ሥራ የጀመርነው የካቲት 13 ቀን 2015 ነው። የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ። ቀኑን መርጠን አልነበረም፤ መኪናው የተገኘው ያን ቀን ስለሆነ ነው።
ቲማቲምና ሽንኩርት መቂ ከገበሬው እጅ እንገዛለን። በማግስቱ ሳይነጋ ምግብ ቤቱ በር ላይ እናደርሳለን።
በመጀመሪያው ሳምንት 11 ደንበኛ ነበረን። በአምስተኛው 46 ደረሱ።

3/8
ሁለተኛ አይሱዙ ተከራየሁ፣ በስድስት ወር ውል። አራት ሰው ጨምሬ ቀጠርኩ።
ትዕዛዙ ለምን እንደጨመረ ግን አልጠየቅሁም። ለ55 ቀን ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱ ያቀርባል። ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም ይፈልጋል። ገበያውን ያመጣው ጾሙ ነበር። እኔ የኛ ሥራ መሰለኝ።

4/8
ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ። በማግስቱ ያዘዙት 9 ብቻ ነበሩ። በዓል ነው ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ 17 ሆኑ። ከዚያ ብዙም ፈቅ አላለም።
ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ቤት ያደግሁበት ነው። የሽያጭ ዕቅድ ስሠራ ግን አንድም መስመር ላይ አላስገባሁትም።

5/8
ዱቤውም ነበር። ምግብ ቤቶቹ የሚከፍሉን በ15 ቀን ነው። ገበሬው ግን እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው። ትዕዛዝ በጨመረ ቁጥር ካዝናችን ይራቆት ነበር።
የጎደለውን በእህቴ ዕቁብ ሞላሁት። ዕጣው ሲደርሳት 180,000 ብር ሰጠችኝ። ለመኪና ኪራይ ነው አልኳት። የዱቤውን ነገር አልነገርኳትም።

6/8
እስካሁን የሚከብደኝ ይሄኛው ነው።
ነሐሴ ላይ ያለን ገንዘብ ከሁለት ወር እንደማያልፍ አውቅ ነበር። ለሠራተኞቹ አልተናገርኩም። እንዳይደናገጡ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።
በዚያው ወር አንዱ ሹፌራችን ሌላ ሥራ ተገኘለት። «እዚሁ ይሻለኛል» ብሎ ተወው። ሁለት ልጆች አሉት።
ስንዘጋ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለቤቱ ቡና አፈላችልኝ። ይቅር ብሎኛል። ያ ሥራ ግን በሌላ ሰው ተይዟል።

7/8
አሁን ተቀጥሬ የአንድ አቅራቢ ትዕዛዝ እከታተላለሁ። ሽያጩን የማነጻጽረው ሁዳዴን ከሁዳዴ፣ ፍልሰታን ከፍልሰታ ጋር ነው። ዱቤ ከሰባት ቀን ካለፈ ቀጣዩ ጭነት አይወጣም።
ለእህቴ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። 40,000 ብር ቀርቶኛል።

8/8
የጾምና የፍስክ ቀናትን ከዕለታዊ ትዕዛዛችን ጋር ያስቀመጥኩበት ሰንጠረዥ አለኝ። የደንበኞቹን ስም ከውስጡ አውጥቼዋለሁ።
ለምግብ ቤት የምታቀርቡ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ።