ለገምጋሚዎች የተሰጠ ምላሽ፦ «ድዮስቆሮስ ለምን ከመንበሩ ወረደ?»

ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ «ድዮስቆሮስ ለምን ከመንበሩ ወረደ? የኤፌሶንና የኬልቄዶን ቃለ ጉባኤዎች ሲነበቡ» በሚል ርእስ ባቀረብሁት ጽሑፍ ላይ ለተሰጡ አስተያየቶች ምላሽ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሁለቱ ገምጋሚዎች አስተያየት ደርሶኛል። ጽሑፉ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድዮስቆሮስ በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ከመንበሩ የወረደው በእምነት ጉዳይ አይደለም ይላል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር እንዳነበቡት ያስታውቃል፤ ስለ ድካማቸው አመሰግናለሁ። በብዙ ነገር ባይስማሙም በአንድ ነገር ተገናኝተዋል፦ ጽሑፉ ስብከት ስብከት ይላል። አንደኛው ገምጋሚ «የምእመን ቃና» ብለውታል። ሁለተኛው ጠንከር አድርገው «የታሪክ ካባ የለበሰ ጥብቅና» ነው ይላሉ።

የተቀበልሁትን አስተካክያለሁ። ያልተቀበልሁትን ደግሞ ለምን እንዳልተቀበልሁ ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ከስንክሳሩ ቀን በቀር ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቀላሉን እናንሳ። በራሴ ድምፅ በምጽፍበት ቦታ «ቅዱስ»፣ «ብፁዕ»፣ «ርትዕት እምነት» የሚሉት ቃላት ወጥተዋል። የቀሩት በምንጮቹ ቃል ውስጥ ሲመጡ ብቻ ነው። ይህንን ለሁለቱም ወገን እኩል አድርጌዋለሁ፤ ድዮስቆሮስም የሮሙ ጳጳስ ልዮንም አሁን በስማቸውና በመንበራቸው ብቻ ይጠራሉ። አንባቢ በአባቶች እምነት እንዲጸና የሚመክረው የመጨረሻ አንቀጽም የለም። ጽሑፉ መጀመሪያ በቃል የቀረበ ንግግር ነበር፤ ያ አንቀጽ ለአዳራሽ እንጂ ለመጽሔት አይሆንም።

አንደኛው ገምጋሚ በተራቸው በ449 ኤፌሶን ላይ ድዮስቆሮስ የመራውን ጉባኤ በአስተያየታቸው ሦስት ጊዜ «የወንበዴዎች ጉባኤ» ብለው ጠርተውታል፤ እኔም እንደዚያ ብጠራው እንደሚሻል ጠቁመዋል። ይህንን ግን አልተቀበልሁም። ስሙን ያወጣው የሮሙ ልዮን ነው። ለንግሥት ፑልኬርያ በ451 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ልዮን የክርክሩ ተካፋይ ነበር፤ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ብሎ የላከው ጦማርም በዚያ ጉባኤ ሳይነበብ ቀርቷል። የአንዱ ተከራካሪ ስድብ ስለ ተለመደ ብቻ ገለልተኛ አይሆንም። የእኔ «ቅዱስ» ከወጣ ይህም ይውጣ። በጽሑፉ ውስጥ «የ449ኙ የኤፌሶን ጉባኤ» ብያለሁ፤ እንዲሁ ይቆይልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሁለተኛው ገምጋሚ እንዲህ ይላሉ፦ «አቅራቢው በኬልቄዶን በግብፃውያን ላይ የደረሰውን ጫና በዝርዝር ይተርካል፤ በኤፌሶን ድዮስቆሮስ ያደረሰውን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል።» ይህ ስለ ቃና የተሰጠ አስተያየት ቢመስልም ዋናው ጉዳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ቅጽል እየሰረዝሁ አላለፍሁትም። ከገጽ 11 እስከ 14 ያለውን ክፍል እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ።

የኬልቄዶን ጉባኤ የመጀመሪያ ቀን፣ ጥቅምት 8 ቀን 451፣ የኤፌሶኑ ቃለ ጉባኤ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ከሁለት ዓመት በፊት በኤፌሶን የፈረሙ ጳጳሳት እየተነሡ ተገደን ነው አሉ። ባዶ ወረቀት ላይ ፈረምን ያሉም ነበሩ። የኤፌሶኑ ጳጳስ እስጢፋኖስ የተናገረውን አሁን ሙሉ በሙሉ አስገብቼዋለሁ። የድዮስቆሮስ ጸሐፊዎች መጡ፤ የእስጢፋኖስን ጸሐፊዎች የመጻፊያ ሰሌዳ ፋቁ፤ የብዕር መያዣቸውን ሊነጥቁ ሲታገሉ ጣታቸውን ሊሰብሩት ምንም አልቀራቸውም ይላል። በኤፌሶን የተሻረው የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ፍላብያኖስም ከዚያ ጉባኤ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞቷል። እነዚህ ሁሉ አሁን በጽሑፉ ውስጥ አሉ፤ «ተባለ፣ ተባለ» እያልሁም አላድበሰበስኋቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። ይህንን የሚናገሩት ሰዎች ያን ቀን ወገን እየቀየሩ ነበር፤ ተገደን ካላሉ በቀር ራሳቸውም ተጠያቂ ይሆኑ ነበር። ቃላቸው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደ ተናገረው ይታወቅ ማለቴ ነው።

እዚያው ቀን ግብፃውያኑ ጳጳሳት ምን ብለው እንደ ጮኹም ጨምሬያለሁ። ክርስቲያን ማንንም አይፈራም፤ ሰው ሰውን ቢፈራ ኖሮ ሰማዕታት ባልኖሩ ነበር እያሉ በሌሎቹ ላይ ተሳለቁ። ከዚያ ወገን የነበሩ 13 ጳጳሳት ጥቅምት 17 ቀን በልዮን ጦማር ላይ እንዲፈርሙ ተጠየቁ። ያኔ መሬት ላይ ወደቁ። ያለ ሊቀ ጳጳሳችን ከፈረምን አገራችን ስንመለስ እንገደላለን፣ እዚሁ ብንሞት ይሻለናል ብለው ለመኑ። የንጉሡ ሹማምንትም ለእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾም ድረስ ከቁስጥንጥንያ እንዳይወጡ ወሰኑ።

በዚህ ቦታ ላይ ሁለቱም ገምጋሚዎች ተቃውሞ አላቸው፤ አቅጣጫቸው ግን ለየቅል ነው። ሁለተኛው ትዕይንቱን «ለሐዘኔታ የተቀመጠ» ይሉታል። አንደኛው ደግሞ የ13ቱ እምቢታ «በእምነት ሳይሆን በእስክንድርያና በቁስጥንጥንያ የሥልጣን ሽኩቻ ሊብራራ ይገባል» ይላሉ።

ለሁለተኛው ገምጋሚ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ለማሳዘን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጽፈውም ነበር። ምእመን የሚወደው ትረካ 13ቱን የተዋሕዶ ጠበቃ አድርጎ ያቆማቸዋል። ቃለ ጉባኤው ግን እንደዚያ አይልም። ጦማሩ ኑፋቄ ነው አላሉም። የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጧል በማለት የተከሰሰውን መነኩሴ አውጣኪን አውግዙ ሲባሉ አውግዘዋል። ያሉት ያለ ሊቀ ጳጳሳችን አንፈርምም ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት በሌላው ፍርሃት ሲስቁ የነበሩ ሰዎች አሁን ፈርተዋል። ይህንን ሁሉ ከገጽ 17 ጀምሮ በግልጽ አስቀምጫለሁ። ለስብከት የሚመች ታሪክ አይደለም።

የአንደኛው ገምጋሚ ሐሳብ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ደጋግመውም ያነሡታል። ባጭሩ ከእምነት ጀርባ ሥልጣን አለ፣ የታሪክ ጸሐፊ ሥራው ያንን መግለጥ ነው ይላሉ። የሥልጣኑን ጉዳይ አልተውሁትም። በ381 ለቁስጥንጥንያ ከሮም ቀጥሎ ክብር መሰጠቱ፣ ኬልቄዶንም ያንኑ ማጠናከሩ፣ እስክንድርያ በዚህ መከፋቷ በገጽ 6 እና 7 ላይ ተጽፏል። ግን ሽኩቻው ብቻውን ምን ያብራራል? 13ቱ ሊቀ ጳጳሱን አልፈሩም፤ ድዮስቆሮስ ተሽሯል፤ ምንም ሊያደርጋቸው አይችልም። የፈሩት የአገራቸውን ሕዝብ ነው። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። በድዮስቆሮስ ቦታ የተሾመው ጵሮቴርዮስ በ457 በእስክንድርያ በሕዝብ እጅ ተገድሏል። ከመንበር ሽኩቻ አንዳች የማያገኝ ሰው ስለ አንድ ጦማር ጳጳስ እስከ መግደል ከደረሰ፣ የሚያምነው ነገር የታሪኩ አንድ መንሥኤ ነው። ይህን ማለት ያንን እምነት መስበክ አይደለም። እኔ የማደርገው አመኑ ማለት ነው፤ ትክክል አመኑ አላልሁም። «ትክክል» የሚል የተረፈ ቦታ ካለ ገጹን ይንገሩኝ፣ ይወጣል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ አስተያየት አለ። «ድዮስቆሮስ የወረደው በእምነት ጉዳይ አይደለም» የሚለው ዋና ሐሳቤ የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት የሚወዱት መከራከሪያ ስለ ሆነ ተጠርጥሯል። መከራከሪያው እንደሚወደድ አውቃለሁ። ምንጩ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለም። ጥቅምት 22 ቀን በጉባኤው መካከል የተናገረው የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ አናቶልዮስ ነው፦ ድዮስቆሮስ የወረደው በእምነት ሳይሆን ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልመጣ ነው። በእርግጥ አናቶልዮስ ከመሾሙ በፊት በቁስጥንጥንያ የእስክንድርያ እንደራሴ ነበር፤ ለቀድሞ አለቃው አዝኖ ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ይህንን በግርጌ ማስታወሻ ጨምሬያለሁ። ጥቅምት 13 የተሰጠው ፍርድ ራሱ ግን ጥሪውን መናቁን አጥብቆ ያነሣል። ደግሞም ድዮስቆሮስ በመጀመሪያው ቀን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ «ከሁለት» የሚለውን እቀበላለሁ፣ «ሁለት» የሚለውን አልቀበልም ብሏል፤ አውጣኪ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ካሰበ እሳት ይገባዋል ማለቱም ተመዝግቧል። እርሱን የአውጣኪ ተከታይ ማለት ከዚህ ጋር አይሄድም። ሐሳቡ አንዱን ወገን ደስ ቢያሰኝም ማስረጃው በቦታው አለ።

ስለ ስንክሳሩ ሁለተኛው ገምጋሚ ልክ ናቸው። በመስከረም 7 የሚነበበው ክፍል የድዮስቆሮስ ጥርሱ እንደ ወለቀ፣ ጢሙ እንደ ተነጨ፣ እርሱም ለእስክንድርያ እንደ ላከው ይናገራል። በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ከቃለ ጉባኤው ትረካ ጋር ተያይዞ ስለሚነበብ ሁለቱ ምንጮች እኩል የቆሙ ይመስላል። አሁን ለይቼዋለሁ። በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ በግልጽ ተጽፏል። ይሰረዝ የሚለውን ግን አልተቀበልሁም። ገድል ስለ 451 ባይመሰክር እንኳ 451ን በኋላ ያስታወሱት ሰዎች ቁስሉን እንዴት እንደ ያዙት ይመሰክራል። የመጨረሻው ምዕራፍ የሚያወራውም ስለዚያ ነው።

በሱርስት የተረፈው የኤፌሶን ቃለ ጉባኤ እንዲጨመር የቀረበው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ገጽ 9 ላይ ገብቷል።

አንድ ነገር ይቅርታ ጠይቄ አልፋለሁ። አንደኛው ገምጋሚ «አቅራቢው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም» ብለዋል። ግምታቸው ልክ ይሁን አይሁን እዚህ አልመልስም። የግምገማው ሥርዓት ስማችንን የሚሸፍነው ለዚህ ይመስለኛል። እኔም የእርሳቸውን አልገምትም።

ሁለቱ ገምጋሚዎች በ13ቱ ጳጳሳት ክፍል ላይ ስለማይስማሙ ሁለቱንም ማስደሰት አልችልም። አንደኛው እምነቱ ይቀነስ ይላሉ፤ ሁለተኛው ትዕይንቱ ይቀነስ ይላሉ። ሁለቱንም ብከተል ክፍሉ ይጠፋል፤ ክፍሉ ከጠፋ ጽሑፉ የሚቆምበት የለውም። በዚህ ላይ የእርስዎን ውሳኔ እጠብቃለሁ። ርእሱን «የመንበሮች ሽኩቻ በኬልቄዶን» በሚል ለመቀየር የቀረበውን ሐሳብ ግን ከላይ ባልሁት ምክንያት አልተቀበልሁም።

ለውጦቹ በቀለም የተለዩበትን ቅጂና ንጹሑን ቅጂ አያይዣለሁ። አጽሕሮተ ጥናቱም ከአዲሱ ይዘት ጋር እንዲሄድ ታርሟል።

ከአክብሮት ጋር
የጽሑፉ አቅራቢ