የታኅሣሥ 2018 የሽሮና የበርበሬ ሽያጭ ግምት

ኅዳር 30 ቀን 2018
ለእትዬ
ከመጋዘን

እትዬ፣ ለታኅሣሥ ስንት ኪሎ ሽሮ እናስፈጭ ላሉኝ የሠራሁት ሂሳብ ይኸው። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ 465 ኪሎ። ሠንጠረዡ ብቻውን የሚለው ግን ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ ለምን እንዳልተከተልኩት ያዩልኝ።

| ወር | የተፈለገ ሽሮ (ኪሎ) | የ3 ወር ተንቀሳቃሽ አማካይ (ኪሎ) | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ሰኔ 2017 | 420 | – | – |
| ሐምሌ | 405 | – | – |
| ነሐሴ | 570 | – | – |
| መስከረም 2018 | 330 | 465 | −135 |
| ጥቅምት | 390 | 435 | −45 |
| ኅዳር | 480 | 430 | +50 |
| ታኅሣሥ | ? | 400 | |

ሦስተኛው ዓምድ ከወሩ በፊት ያሉትን ሦስት ወራት ደምሮ ለሦስት ያካፍላል። ለታኅሣሥ 330፣ 390 እና 480 ተደምረው 1,200፣ ለሦስት 400። አዲስ ወር ሲገባ የቆየው ይወጣል። ኮምፒውተሩ ላይ የታኅሣሥ ሳጥን ውስጥ ያለው ይህ ነው፦

```
=AVERAGE(B5:B7)
```

ሁለት ቁጥሮችን አስተካክያለሁ። ጳጉሜን በአምስት ቀን 45 ኪሎ ብቻ ስለሸጥን፣ እንደ አንድ ወር ብቆጥራት አማካዩን ታበላሸው ነበር። ከመስከረም 340 ኪሎ ጋር ደምሬ 385 ለ35 ቀን አካፍዬ በ30 ቀን አባዛሁት፤ 330 የመጣው ከዚያ ነው። የኅዳር ሽያጭ ደግሞ በደረሰኝ 466 ኪሎ ነው። ኅዳር 23 እና 24 ወፍጮው መብራት አጥቶ ከቀትር በኋላ ሽሮ አልነበረንም። ልጆቹ «የለም» ብለው የመለሱትን ደንበኛ በደብተር ይዘውልኝ ስለነበር 14 ኪሎ ጨመርኩ። እኛ ስላላቀረብን ሰው አልፈለገም ማለት አይደለምና።

አሁን ልዩነቱን ይዩት። መስከረም ላይ አማካዩ 465 አለ፣ እኛም አምነነው አስፈጨን፣ በወሩ 340 ብቻ ስለሸጥን 125 ኪሎ ተረፈ። ያንን ጆንያ ጥቅምት ላይ ስፈታው የቅመሙ ሽታ ግማሹ ሄዶ ነበር። ጥፋቱ የነሐሴ ነው፦ በፍልሰታ የተሸጠው 570 ኪሎ መስከረምን ብቻ ሳይሆን ጥቅምትንና ኅዳርንም አሳበጠ፣ በሦስት ወር አማካይ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይቆጠራልና። ኅዳር ላይ ደግሞ የነቢያት ጾም ሲገባ አማካዩ 50 ኪሎ ወደ ኋላ ቀረ። በአማካይ በ77 ኪሎ እየሳተ ነው። ለቅርቡ ወር ክብደት ሰጥቼ (ኅዳር በ3፣ ጥቅምት በ2፣ መስከረም በ1፣ ድምሩ ለ6) ብሞክረውም 425 ብቻ ሆነ። የጾም ወሬ ሠንጠረዡ ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ ኅዳርን ለሁለት ከፈልኩት። ከ1 እስከ 14 የተፈለገው 182 ኪሎ፣ በቀን 13 ነው። ጾሙ ከገባ ከ15 እስከ 30 ደግሞ 298 ኪሎ፣ በቀን 18.6። ታኅሣሥ ውስጥ ጾሙ 28 ቀን ይቆያል፤ 28 በ18.6 ሲባዛ 521 ይሆናል። በ29 ለገና እንዘጋለን፣ ለ30 ስድስት ኪሎ ብዬ 527 አደረስኩት። አምና ደግሞ ጥቅምት 345፣ ታኅሣሥ 470 ነበር የሸጥነው፤ የዘንድሮውን ጥቅምት በዚያው ልክ ባሳድገው 531 ይመጣል። ሁለት መንገድ አንድ ቦታ ስላደረሰኝ 530 ያዝኩ። (ረቡዕና ዓርብ አማካዩ ውስጥ ስላሉ ለብቻ አልጨመርኳቸውም።)

«የኅዳርን ያህል ይበቃል» ብለው ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ከገና በፊት ባሉት ቀናት ባዶ እንቀራለን። ለመጠባበቂያ 30 ኪሎ ጨምሬ 560 አደረግሁት፤ መጋዘን ያለው 95 ሲቀነስ 465 ይቀራል።

ሁሉንም ባንዴ አናስፍጭ። መጀመሪያ 265፣ ከዚያ 200 ቢሆን ይሻላል። ታኅሣሥ 10 ማታ እቆጥራለሁ፤ እስከዚያ 186 ኪሎ አካባቢ ከወጣ እንቀጥላለን፣ ከ160 በታች ከሆነ ሁለተኛውን ዙር እቀንሳለሁ።

በርበሬው ብዙ አያስቸግርም። መስከረም 210፣ ጥቅምት 205፣ ኅዳር 215 ስለሆነ አማካዩ 210 ነው፤ ይህን አምነዋለሁ። አምና ታኅሣሥ ከአማካዩ 30 ኪሎ በልጦ ነበር፣ አብዛኛውም በገና ሳምንት ለዶሮ ወጥ የተገዛ። 240 እናዘጋጅ።

ያለው 95 ኪሎ ሽሮ አምስት ቀን ነው የሚያቆየን። መልቀሙ፣ መቁላቱና መከካቱ ሁለት ቀን ይፈጃሉ። አተሩ እስከ ታኅሣሥ 2 እንዲገባ ለነጋዴው ዛሬ ማታ ቢደውሉልኝ።