የመናኸሪያ–ሆስፒታል መንገድ ሥራ የመሠረተ ልማት ተቋማት ቅንጅታዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቃለ ጉባኤ ቁጥር፦ 06/2018
ቀን፦ ረቡዕ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡50
ቦታ፦ የማዘጋጃ ቤቱ አነስተኛ የስብሰባ አዳራሽ

የተገኙ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ (ሰብሳቢ)፣ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ፣ የቴሌኮም መስመር ጥገና ተወካይ፣ የሥራ ተቋራጩ የሳይት ሥራ አስኪያጅ፣ የአማካሪ ድርጅቱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ የሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ የነዋሪዎች ተወካይ፣ የነጋዴዎች ተወካይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የመሠረተ ልማት ቅንጅት ባለሙያ (ጸሐፊ)።

ያልተገኙ፦ የትራፊክ ፖሊስ ክፍል ኃላፊ፣ በሌላ ግዳጅ ምክንያት።

በዚህ ቃለ ጉባኤ የተጻፉት ቀናትና ሰዓታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። «እስከ» የሚለው ቃል የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራል። በ«የሥራ ቀናት» የተቆጠረ የጊዜ ገደብ የለም፤ ምክንያቱም ተቋራጩ ቅዳሜን የሥራ ቀን አድርጎ ሲቆጥር መሥሪያ ቤቶቹ ስለማይቆጥሩ «በ5 የሥራ ቀናት» የሚለው ያለፈው ስብሰባ አገላለጽ ለአንዱ ማክሰኞ፣ ለሌላው ረቡዕ ሆኖ ተገኝቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ስብሰባ ውሳኔዎች አፈጻጸም

በቃለ ጉባኤ ቁጥር 05/2018 ከተመዘገቡት 7 ውሳኔዎች 4ቱ ተፈጽመዋል፣ 2ቱ ዘግይተው ተጠናቀዋል፣ አንዱ ግን ጭራሽ አልተጀመረም። ውይይቱ ያተኮረው ባልተጀመረው ላይ ነው። ውሳኔው በመዝገቡ ላይ የሰፈረው «ነባሩ የውሃ መስመር የሚያልፍበት ቦታ በሚመለከተው አካል በአስቸኳይ እንዲመላከት» በሚል ነበር። የውሃ አገልግሎቱ የሚመለከተው አካል ተቋራጩ እንደሆነ፣ ተቋራጩ ደግሞ የውሃ አገልግሎቱ እንደሆነ ተረድተው ሁለቱም ሲጠባበቁ፣ ሐሙስ መጋቢት 24 ቀን ኤክስካቫተሩ በኪሎ ሜትር 1+120 ላይ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቆርጧል። የሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆስፒታሉ 2 ቀን ያለ ውሃ እንደቆየና የማዋለጃ ክፍሉ በጀሪካን በሚቀዳ ውሃ እንዳሳለፈ አስረድተዋል።

ጸሐፊው አገላለጹን የጻፉት እርሳቸው መሆናቸውንና ስህተቱም በመጀመሪያ የአጻጻፍ ስህተት መሆኑን ገልጸው፣ ከዚህ በኋላ «የሚመለከተው አካል»፣ «በአስቸኳይ»፣ «በተቻለ ፍጥነት» እና «ክትትል ይደረግበታል» የሚሉ አገላለጾች በውሳኔ ውስጥ እንዳይገቡ ሐሳብ አቅርበዋል። ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል። እያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ኃላፊ ብቻ ይኖረዋል፤ ሌሎች ሊያግዙት ይችላሉ፣ የሚጠየቀው ግን እርሱ ነው።

አጀንዳ 2፦ ከኪሎ ሜትር 1+200 እስከ 1+850 ያለው የውሃ መስመር ዝውውር

ይህ 650 ሜትር ክፍል ካልተጠናቀቀ የጎርፍ መፋሰሻ ቦዩም ሆነ የመንገዱ የታችኛው ንጣፍ ሊጀመር አይችልም። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ካልተጠናቀቀ ጎርፉ የተቆፈረውን አፈር ይዞ ወደ ታችኛው ሰፈር እንደሚወርድ አሳስበዋል።

ውሳኔ 1፦ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነባሩን መስመር በየ10 ሜትሩ ሰማያዊ ቀለም በተቀባ ካስማ ያመላክታሉ፤ መስመሩ በእርግጠኝነት በማይታወቅባቸው በ1+260፣ በ1+510 እና በ1+700 ላይም የሙከራ ጉድጓድ በእጅ ያስቆፍራሉ። የጊዜ ገደቡ ዓርብ ሚያዝያ 16 ቀን ከቀኑ 11፡00 ነው። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው የቦታው ንድፍ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ተሰጥቶ በፊርማ ሲረከቡት ነው።

ውሳኔ 2፦ የተቋራጩ የሳይት ሥራ አስኪያጅ ከ1+200 እስከ 1+500 ያለውን ቁፋሮ ሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ይጀምራሉ፤ የዚህን ክፍል ቧንቧ ቅዳሜ ግንቦት 1 ቀን ቀብረው ይጨርሳሉ። ከ1+500 እስከ 1+850 ያለውን ሐሙስ ሚያዝያ 29 ቀን ጀምረው ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን ያጠናቅቃሉ። የተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይደርሳቸው ኤክስካቫተር ወደ መስመሩ አያስገቡም፤ በስልክ ወይም በቃል የተሰጠ ፈቃድ አይቆጠርም።

የሳይት ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛው ክፍል በጊዜው የሚጀመረው ምሰሶዎቹ ከተነሱ ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል። ምሰሶዎቹ ከዘገዩ የዘገዩትን ያህል ቀን ብቻ ይራዘማል፤ አዲሱን ቀን ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ያሳውቃሉ።

ውሳኔ 3፦ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ሰኞ ግንቦት 10 ቀን የግፊት ፍተሻ ያካሂዳሉ፤ መስመሩ በ15 ባር ለ2 ሰዓት ተይዞ ካላፈሰሰ አልፏል ይባላል። ካለፈ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ከማክሰኞ ግንቦት 11 ቀን ጠዋት 3፡00 እስከ ረቡዕ ግንቦት 12 ቀን ጠዋት 3፡00 መስመሩን ክሎሪን በተጨመረበት ውሃ ሞልተው ያቆያሉ፣ ከዚያም ያጥባሉ።

ውሳኔ 4፦ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ነባሩን መስመር ዘግተው አዲሱን ያገናኛሉ። የሚዘጋው ሐሙስ ግንቦት 13 ቀን ከምሽቱ 4፡00 ሲሆን የሚከፈተው ዓርብ ግንቦት 14 ቀን ከንጋቱ 11፡00 ነው። በረቂቁ ላይ «ዓርብ ሌሊት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የነዋሪዎች ተወካይ «የእኔ ጎረቤት ዓርብ ሌሊት ካላችኋት ዓርብ ማታ ባልዲዋን ትደረድራለች፤ ውሃው ግን ያኔ መጥቷል» ሲሉ ስላስረዱ፣ በማስታወቂያው ላይ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ከሚለው ጋር ሁለቱም ቀናትና ሰዓታት እንዲጻፉ ተወስኗል። ማስታወቂያውን የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ሰኞ ግንቦት 10 ቀን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በሆስፒታሉ በርና በ3ቱ የቦኖ ውሃ ቦታዎች ይለጥፋሉ።

ውሳኔ 5፦ የሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ 40,000 ሊትር የሚይዘው የሆስፒታሉ ታንከር ሐሙስ ግንቦት 13 ቀን ከቀኑ 11፡00 በፊት መሙላቱን በዓይናቸው አይተው ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊው በጽሑፍ መልእክት ያረጋግጣሉ። ይህ መልእክት ካልደረሰ መስመሩ አይዘጋም።

አጀንዳ 3፦ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች

በቁፋሮው መስመር ላይ 9 ምሰሶዎች አሉ። ከ1+500 በታች ያሉት የ4ቱ የማንሻ ክፍያ ተፈጽሟል፤ የቀሩት የ5ቱ ግን አልተከፈለም። የማዕከሉ ኃላፊ ክፍያ ሳይገባ ምሰሶ ለማንሳት የተቋማቸው አሠራር እንደማይፈቅድ አስረድተዋል። የሳይት ሥራ አስኪያጁ ወጪው የአሠሪው ነው ብለዋል፤ ሰብሳቢው ደግሞ በውሉ ውስጥ ለመሰል ሥራ የተያዘ ገንዘብ እንዳለ ገልጸዋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቢወሰድም ስምምነት ስላልተደረሰ፣ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በዚህ ስብሰባ አልተወሰነም። የተወሰነው ጥያቄው የሚፈታበት መንገድ ነው።

ውሳኔ 6፦ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በውሉ ላይ ተመሥርተው የጽሑፍ አስተያየታቸውን ሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን እስከ ቀኑ 6፡00 ለሰብሳቢው ያቀርባሉ።

ውሳኔ 7፦ ሰብሳቢው ማክሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን እስከ ቀኑ 11፡00 ውሳኔያቸውን ለሁለቱም ወገን በደብዳቤ ያሳውቃሉ፤ ክፍያው በማንም በኩል ቢሆን እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን መፈጸሙንም ያረጋግጣሉ። ዓርብ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን በመሆኑ ባንክና መሥሪያ ቤት ይዘጋሉ፤ ሐሙስ ያልተከፈለ ክፍያ ከሰኞ በፊት አይገባም።

ውሳኔ 8፦ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ የመጀመሪያዎቹን 4 ምሰሶዎች እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ክፍያው ሐሙስ ከተፈጸመ ደግሞ የቀሩትን 5 እሑድ ሚያዝያ 25 ቀን ያስነሳሉ። በሁለቱም እሑዶች መብራት የሚጠፋው ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ቀኑ 9፡00 ነው። ለማካካሻ ቀን ረቡዕ ሚያዝያ 28 ተይዟል፤ ከእርሱ ያለፈ መዘግየት የውሳኔ 2ን ሁለተኛ ክፍል ይገፋዋል።

የማስታወቂያውን ሰዓት በተመለከተ የሆስፒታሉ ተወካይ ባለፈው የወጣውን አስታውሰዋል። ከስልክ ላይ ተገልብጦ «12፡00 ላይ መብራት ይቋረጣል» ስለተባለ ጄኔሬተሩ ንጋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሲነድ ውሎ፣ መብራቱ በእውነት በጠፋበት እኩለ ቀን ነዳጁ አልቆ ነበር። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ ከቁጥሩ በፊት ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ሌሊት የሚል ቃል የግድ ይጻፋል።

አጀንዳ 4፦ የቴሌኮም ፋይበር መሻገሪያ

ውሳኔ 9፦ በ1+430 ላይ ፋይበሩ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ በግራና በቀኝ 1 ሜትር ያህል በዶማና በአካፋ ብቻ ይቆፈራል፤ ለዚህ የሚጠየቁት የሳይት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የቴሌኮም ተወካዩ ቁፋሮው ወደ ቦታው ከመድረሱ 24 ሰዓት በፊት ከተነገራቸው ባለሙያ እንደሚልኩ አረጋግጠዋል። ባለሙያው በሰዓቱ ካልተገኘ ያ 2 ሜትር ተዘሎ ሌላው ሥራ ይቀጥላል እንጂ ሥራው አይቆምም።

አጀንዳ 5፦ የነዋሪዎች መተላለፊያና ትራፊክ

የነዋሪዎች ተወካይ በቀድሞው ቁፋሮ ላይ የተጋደመው ጣውላ አንድ ብቻና የሚወዛወዝ እንደነበር፣ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ሲሻገሩ ጣውላው ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ እንደወደቁና የቁርጭምጭሚታቸው እብጠት ገና እንዳልወረደ ተናግረዋል። የሳይት ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ውሳኔ 10፦ የሳይት ሥራ አስኪያጁ ስፋቱ ቢያንስ 1.20 ሜትር የሆነና በሁለቱም በኩል መያዣ ያለው መሻገሪያ በ5 ቦታ ያስቀምጣሉ። ቦታዎቹን ከነዋሪዎች ተወካይ ጋር ሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 በእግር ሄደው ይመርጣሉ። መሻገሪያ ሳይቀመጥለት ለሊት ክፍት የሚያድር ቦይ አይኖርም።

ውሳኔ 11፦ በመንገዱ ዳር ያሉ 6 ኮንቴይነር ሱቆች እስከ ማክሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን ወደ ኋላ 3 ሜትር ይገፋሉ፤ ባለሱቆቹን አስተባብረው የሚያስፈጽሙት የነጋዴዎች ተወካይ ናቸው። ክሬኑን የሳይት ሥራ አስኪያጁ በነፃ ያቀርባሉ።

የትራፊክ ፖሊስ ክፍል ኃላፊ ስላልተገኙ በሌሉበት ሥራ እንዳይሰጣቸው ሰብሳቢው ከስብሰባው ላይ ደውለው አነጋግረዋቸዋል።

ውሳኔ 12፦ ከሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን ጠዋት 1፡30 ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን ድረስ የጭነት መኪናዎች በገበያው ጀርባ ባለው መንገድ እንዲዞሩ የሚያስደርጉት የትራፊክ ፖሊስ ክፍል ኃላፊ ናቸው። በስልክ ተቀብለዋል፤ ጸሐፊው የዚህን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ዛሬ ከቀኑ 11፡00 በፊት በእጃቸው አድርሰው ያስፈርማሉ።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00፣ በዚሁ አዳራሽ። የተሰጠውን ሥራ በጊዜው እንደማይፈጽም የተረዳ ኃላፊ የጊዜ ገደቡ ከማለፉ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ለጸሐፊው በጽሑፍ ያሳውቃል። በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ እርማት ያለው ዓርብ ሚያዝያ 16 ቀን እስከ ቀኑ 6፡00 ለጸሐፊው ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እርማት በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል።

ስብሰባው ከረፋዱ 5፡50 ተጠናቋል። ቃለ ጉባኤው በአዳራሹ ተነብቦ የተገኙት በሙሉ ፈርመውበታል።