ስለተነሳው የበረኪና ቪዲዮዬ የቀረበ ይግባኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የይግባኝ ክፍሎች፣

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ 412 ሰብስክራይበር ያላት ትንሽ ቻናል አለችኝ፣ ማታ ማታ ከስራ መልስ በስልኬ እየቀረፅኩ ነው የምሰራው። ባለፈው ማክሰኞ "በረኪናን ከሌላ ማፅጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ!" የሚለው ቪዲዮዬ "ጎጂና አደገኛ ተግባር" ተብሎ ተነስቷል፣ ማስጠንቀቂያም ደርሶኛል። በትህትና እንደገና እንድታዩልኝ ነው የምፅፍላችሁ።

እስቲ መጀመሪያ ርዕሱን ልብ በሉልኝ። "እንዳትቀላቅሉ" ነው የሚለው። ዳ ተነስታ ድ ብትገባ "እንድትቀላቅሉ" ይሆንና ነገሩ ግልብጥ ይላል። በኛ ቋንቋ ክልከላው ለብቻው ቆሞ አይታይም፣ ቃሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ያየው ሰውም ይሁን ማሽን እዚች ፊደል ላይ የተሳሳተ ይመስለኛል። የመጣልኝ መልእክት የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ስለማይናገር ከዚህ በላይ መገመት አልቻልኩም።

ቪዲዮው 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር አልቀላቀልኩም። 2:15 ላይ የሚታዩት ጠርሙሶች ክዳናቸው እንደታሸገ ነው፣ የማወራውም በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ፣ ኮምጣጤም ቢሆን፣ ክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ፣ አሞኒያ ካለበት ማፅጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ እንደሚፈጠር ነው። መጠን አልጠቀስኩም፣ አሰራርም አላሳየሁም። ከ4:40 ጀምሮ እስከ መጨረሻው በስህተት የቀላቀለ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ነው፣ ቶሎ ወደ ንፁህ አየር ውጡ፣ አይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ህክምና ሂዱ። ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው እኮ ሽንት ቤት ዘግቶ "ሁለቱ ሲደባለቁ በደንብ ያፀዳል" ብሎ የሚጎዳው፣ ቪዲዮውን የሰራሁትም ለሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ላምን፣ ከቨር ፎቶው ላይ የራስ ቅል ምልክት አድርጌ "መርዝ ጋዝ" ብዬ በትልቁ ፅፌ ነበር፣ ሰው እንዲከፍተው ብዬ ነው፣ አሁን ሳየው ግን እኔንም አልጣመኝም። አዲስ ፎቶ አዘጋጅቻለሁ፣ ቪዲዮው እንደተመለሰ እቀይረዋለሁ። መግቢያው ላይም የማስጠንቀቂያ ፅሁፍ ጨምሩ ካላችሁኝ ደስ ይለኛል።

የምለምናችሁ አማርኛ የሚሰማ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያየውና ስህተት ሆኖ ከተገኘ ቪዲዮው ተመልሶ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳልኝ ነው። ጥፋት አለ ከተባለም ደቂቃውንና ሰከንዱን ብቻ ንገሩኝ፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ስራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ ስላነበባችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቻናሉ ባለቤት