የወይራ ሜዳን ወሰን በስልክ ለመመዝገብ፦ ለበጎ ፈቃደኞች

ይህ ማስታወሻ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30 ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተው የወይራ ሜዳን የወል ግጦሽ ወሰን ለሚዞሩት ለሁለቱ ቡድኖች ነው። አንደኛው ቡድን የላይ አምባን ጎን፣ ሁለተኛው የታች አምባን ጎን ይይዛል።

ስልኩ ወሰን አይቆርጥም። ወሰኑን የሚያሳዩት ሽማግሌዎቹና አዋሳኞቹ ናቸው፤ ስልኩ እነሱ «እዚህ ነው» ያሉትን ነጥብ ይይዛል። አዋሳኙ ባለይዞታ ሳይኖር የተያዘ ነጥብ፣ ልኬቱ ምንም ቢያምር፣ ጠብ ያመጣል። አዋሳኙ ካልመጣ ወይም ወኪል ካልላከ ያንን ጎን ዝለሉትና በደብተሩ ላይ «አዋሳኝ አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ።

ሰኞ ማታ የሚዘጋጅ

በየቡድኑ አራት ሰው ይኑር፦ ስልክ ያዥ፣ ደብተር ያዥ፣ ወሰኑን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ እና የዚያ ጎን አዋሳኝ። እረኞችንና ሣር የሚያጭዱ ሴቶችንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከብት የሚያልፍበትንና ውሃ የሚጠጣበትን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

1. ኔትወርክ ባለበት ቦታ KoboCollect የሚባለውን የፎርም መሙያ መተግበሪያ ከፍታችሁ «ወይራ ሜዳ ወሰን» የሚለው ፎርም መውረዱን አረጋግጡ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ሲምም ይሠራል። ፎርም ግን ሜዳው ላይ አይወርድም።
2. የስልኩን Location አብሩ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። ባትሪ ቆጣቢ እንደበራ ስክሪኑ ሲጠፋ ጂፒኤሱ አብሮ የሚተኛባቸው ስልኮች ብዙ ናቸው።
3. ባትሪው መቶ በመቶ ይሞላ። በየቡድኑ አንድ ፓወር ባንክ፣ የ50 ሜትር መለኪያ፣ ካስማ፣ ደብተርና እርሳስ ይያዝ። ስክሪብቶ ጤዛ ላይ አይጽፍም።
4. ደብተር ያዡ የሚጽፈው ስልኩ ላይ የሚታየውን ሰዓትና ቀን ነው። «3 ሰዓት ላይ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ስልኩ 9፡00 ካለ፣ ማታ ደብተሩንና ስልኩን ማገናኘት ራስ ምታት ነው።

ነጥብ አያያዝ

ስልኩን ገና ከትምህርት ቤቱ በር አብሩትና አምስት ደቂቃ ገላጣ ቦታ ላይ ያዙት። ከኪስ ወጥቶ ወዲያው የተያዘ የመጀመሪያ ነጥብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

1. ከወሰን ድንጋዩ ራቅ ብላችሁ ሳይሆን በላዩ ወይም አስጠግታችሁ ቁሙ። ድንጋይ ከሌለ ካስማ ትከሉ።
2. ስልኩን ደረት ከፍታ ላይ፣ ስክሪኑን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ያዙ። ሌሎቹ ሁለት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ይበሉ።
3. ነጥብ መያዣውን ስትከፍቱ Accuracy የሚል፣ ስልኩ ስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ይታያል። 18፣ 11፣ 7 እያለ ይወርዳል። ፎርሙ 5 ሜትር ላይ ሲደርስ ራሱ ይይዘዋል፤ እስከዚያ አትንቀሳቀሱ። ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ከ8 በታች ካልወረደ ችግሩ ከቦታው ነው፤ ከታች ያለውን አንብቡ።
4. የነጥቡን ቁጥር ስጡ፦ ላይ አምባ ከላ1፣ ታች አምባ ከታ1 ይጀምራል። ስልኩም ደብተሩም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።
5. አንድ ፎቶ አንሱ፦ ድንጋዩ ከፊት፣ ቀጣዩ ነጥብ ያለበት አቅጣጫ ከኋላ። የሰው ፊት፣ በተለይ የልጆች፣ አይግባ።
6. ደብተሩ ላይ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ Accuracy፣ ምልክቱ (ድንጋይ፣ ቦይ፣ ገደል አፋፍ) እና የአዋሳኙ ስም ይጻፍ።

ነጥብ የሚያዘው ወሰኑ በታጠፈበት ሁሉ ነው። ቀጥ ያለ ከሆነ በየ50 ሜትሩ ይበቃል። ወንዙን ተከትሎ ሲጠማዘዝ ግን በየ20 ሜትሩ ያዙ። እዚህ ላይ ሰነፍ ቡድን ብዙ ያጠፋል፤ ኩርባው ተቆርጦ ቀጥ ሲል መሬቱ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ወንዝ ሲሆን ወሰኑ የውሃው መሃል ነው ወይስ ዳሩ? ሽማግሌውን ጠይቃችሁ ጻፉ። ቦረቦር ከሆነ ደግሞ በየክረምቱ ስለሚሰፋ ከአፋፉ አጠገብ የማይናድ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምረጡና ከእሱ እስከ አፋፉ ያለውን በመለኪያ ለክታችሁ መዝግቡ።

ሜዳው ውስጥ ያለው ምንጭ፣ የመቃብር ቦታውና የከብት መተላለፊያው ለብቻ ይመዝገቡ። ከጠቅላላው ስፋት መቀነስ አለመቀነሳቸውን ስብሰባው ይወስናል።

የሚያስቸግሩ ቦታዎች

ከባህር ዛፉ ሥርና ከገደሉ ግርጌ ቁጥሩ 15፣ 20 ላይ ይቆማል። የሳተላይቱ ምልክት በቅጠሉ ይዳከማል፣ ከድንጋዩ ነጥሮም ይመጣል። መጠበቅ አያድንም። ከነጥቡ ተነስታችሁ ወደ ገላጣው በወሰኑ መስመር ላይ ውጡ፣ እዚያ ያዙ፣ ከዚያ እስከ ትክክለኛው ነጥብ ያለውን በመለኪያ ለኩና አቅጣጫውን ጻፉ። ደመና ግን አያስፈራችሁ፤ ጂፒኤስን አያውከውም።

ሁለት ሦስት ሜትር ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። የወሰኑ ዙሪያ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መስመሩ ሁሉ በ5 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ የሚጠፋው 10,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሄክታር ነው። በእኛ አቆጣጠር አራት ጥማድ። ገፍቶ ማረስም የሚበላው እንዲሁ በትልም በትልም ነው፤ ስለዚህ ቆማችሁ ያላችሁት የወሰን ድንጋዩ ላይ ነው ወይስ የዘንድሮ እርሻ ጫፍ ላይ? በየነጥቡ ጠይቁ።

አዋሳኙና ሽማግሌው ካልተስማሙ አትዳኙ። ሁለቱም ያሳዩትን መስመር ያዙ፤ አንዱን «ክ-ሀ»፣ ሌላውን «ክ-ለ» በሉት፣ ማን የትኛውን እንዳሳየ ጻፉና እለፉ። ካስማ አትትከሉ። ክርክሩ የሚታየው በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ፊት ነው።

ዙሩ ሲያልቅ

ሁለቱ ቡድኖች የሚገናኙበትን ነጥብ በሁለቱም ስልክ ያዙ፤ የተነሳችሁበትንም ነጥብ ተመልሳችሁ ድገሙት። ልዩነቱ ከ10 ሜትር ከበለጠ አንደኛው ልክ አይደለም፣ የዚያን ጎን ነጥቦች እንደገና እዩ። እንዲሁም በየቡድኑ ሁለት ተከታታይ ነጥቦችን በ50 ሜትር መለኪያው ለኩና ስልኩ ከሚሰጠው ርቀት ጋር አስተያዩ።

ማታ ኔትወርክ ስታገኙ ከመላካችሁ በፊት ደብተሩን ከስልኩ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ፣ ከዚያ Ready to send ውስጥ ገብታችሁ ላኩ። ኬክሮስና ኬንትሮስ በእጅ የምትገለብጡ ከሆነ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ጻፉ፤ አራት ብቻ ከሆነ እስከ 11 ሜትር የሚደርስ ስህተት ይገባል። በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚመጣው በ10 የሚጀምረው፣ ቀጥሎ በ39 የሚጀምረው ነው። ሲገለበጡ ሜዳችን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይወድቃል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የቦታ መረጃውም ይጠፋል። ካርታው በሁለቱ መንደሮች ስብሰባ ላይ ሳይታይ ደግሞ በማንኛውም ግሩፕ አይለቀቅ።

ለወረዳው የመሬት ባለሙያ ስታስረክቡ የተለካው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የልኬት መነሻ፣ በ WGS 84 መሆኑን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። የቆዩ የሀገራችን ካርታዎች የሚጠቀሙት Adindan የሚባለውን ሌላ መነሻ ስለሆነ፣ ሳይለወጥ ቢደረብ ወሰናችን ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ሰው ማሳ ውስጥ ይታያል። ዋናው ደብተር ከቀበሌው ኮሚቴ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣል፤ የየገጹ ፎቶ ለሁለቱም መንደር ተወካዮች ይሰጣል።